ለፓስወርድ የመጡ ሽማግሌዎች

መቀሌ የመጣሁት አማርኛ ለማስተማር ነው። ከተማው በትግርኛ አምሮበት ይኖር ስለነበር እኔን አጥብቆ የሚፈልገኝ የፈተና ሰሞን ብቻ ነበር። በቀረው ጊዜ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ተቀምጬ ድርሰት አርማለሁ፤ ደመወዜ ወር ሳይሞላ ሲያልቅም እታዘባለሁ። ትርፍ ጊዜና የማይበቃ ደመወዝ አንድ ላይ የተሰጡት ሰው ወይ ይጠጣል ወይ ፖለቲካ ያወራል። እኔ ከሁለቱም የባሰውን መርጬ የፎሬክስ ነጋዴ ሆንኩ።

ነጋዴ ስል ሚዛንና መደርደሪያ ያለው እንዳይመስላችሁ። ሱቃችን ዓዲ ሓቂ በሚባለው ሰፈር፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ ያለች ካፌ ነበረች። አንድ አንድ ማኪያቶ አዝዘን፣ በካፌዋ ዋይፋይ የአውሮፓን ገንዘብ በአሜሪካ፣ የእንግሊዝን በጃፓን ስንገዛና ስንሸጥ እንውላለን። ከእነዚህ አገሮች አንዱን እንኳ የረገጠ ከመካከላችን አልነበረም። ይህ ግን ስለ አሜሪካ ብሔራዊ ባንክ ገዢ እንደ ጎረቤታችን እንዳናማ አልከለከለንም። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ዓለም አቀፍ ባለሀብቶቹ ስልካችንን ወደ ላይ ዘርግተን ኔትወርክ ፍለጋ መንገድ ላይ እንወጣለን። አስተናጋጇ ሒሳብ ሳንከፍል የምናመልጥ እየመሰላት በር ላይ ትቆም ነበር።

ከዚህ የተከበረ ማኅበር ውስጥ የቅርብ ወዳጄ አንድ ፋርማሲስት ነበር። ዓይደር በሚባለው ሰፈር፣ ከትልቁ ሆስፒታል በር ፈንጠር ብሎ ያለ መድኃኒት ቤት ውስጥ ይሠራል። የከተማው ተወላጅ፣ ረጋ ያለ፣ ነጭ ጋዋኑ ሁልጊዜ የተተኮሰ ልጅ ነው። በጥር መጨረሻ ሊያገባ ቀጠሮ ይዟል። ለሠርጉ ያጠራቀመውን ገንዘብ የት እንዳስቀመጠው እጮኛው ስትጠይቀው «ባንክ» ብሏታል። ገንዘቡ ግን ከባንክ ወጥቶ፣ ዶላር በሚያቀባብል ደላላ እጅ አልፎ፣ የንግድ አካውንቱ ውስጥ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ለመቶ ሰው የሚሆነውን ድግስ በሁለት ወር ውስጥ ለሁለት መቶ ሰው ማድረግ። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ባላውቅ በወደድኩ።

አንድ ቀን ላገኘው ሄጄ ባንኮኒው አጠገብ ቆሜያለሁ። አንዲት እናት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ትናንት ሳይውጡ እንደቀሩ ነግረውት፣ ዛሬ ሁለቱን አንድ ላይ ቢውጡ ምን አለበት ብለው ጠየቁት። ወዳጄ መነጽሩን አውልቆ በእርጋታ፣ «አይሆንም እናቴ። ያመለጠዎትን ለማካካስ እጥፍ አይውሰዱ። ያለፈው አልፏል፤ የነገውን በሰዓቱ፣ በመጠኑ» አላቸው። ሴትዮዋ መርቀውት ወጡ። እሱ ወዲያው ስልኩን ከጋዋኑ ኪስ አወጣና ጠዋት በፓውንድ የከሰረውን ለመመለስ መጠኑን እጥፍ አድርጎ ገዛ።

ይህን አይቼ ሳቅኩ፤ «ለራስህስ ማን ይዘዝልህ?» አልኩት። እሱ ግን አልሳቀም።

በሽታው ሁላችንንም ይይዘን ስለነበር መልኩን በደንብ አውቀዋለሁ። አንዴ ትከስራለህ፤ ደግ ነው፣ ይህ የንግዱ ወጪ ነው። ሁለተኛ ስትከስር ገበያው አይቶ የመታህ ይመስልሃል። ሦስተኛው ላይ ነገሩ ንግድ መሆኑ ይቀርና ደም መመለስ ይሆናል። ዕቅድ የለ፣ ቻርት ማየት የለ፤ የወሰደብህን ገንዘብ ከዚያው ከወሰደብህ ላይ፣ ዛሬውኑ፣ በዚችው ሰዓት ለማስመለስ ትገባለህ። ከስረህ የምትወጣበትን ገደብ፣ እኛ ስቶፕ ሎስ የምንለውን፣ ወደ ታች ትገፋዋለህ፤ በመጨረሻም ጭራሹን ታነሣዋለህ። ገበያው ግን አንተን አያውቅህም፤ የማያውቅህን ሰው መበቀል ደግሞ እጅግ አድካሚ ሥራ ነው።

የዚህ መንታ ወንድም የሆነ ሌላ በሽታም አለ። ልጆቹ ፎሞ ይሉታል፤ እኔ ሲያመልጥ የማየት በሽታ እለዋለሁ። የቴሌግራም ግሩፓችን የዚህ በሽታ መራቢያ ነበር። ያተረፈ ሰው ስክሪንሾት ይለጥፋል፤ የከሰረ ሰው ዝም ይላል። ስለዚህ ግሩፑን ለሚያይ ሰው፣ ከሱ በቀር ከተማው በሙሉ ሚሊየነር ነው። ትናንት አብሮን ማኪያቶ በዱቤ የጠጣ ልጅ ዛሬ አረንጓዴ ቁጥር ለጥፎ «ቀላል ነበር» ብሎ ሲጽፍ ቆሽትህ ያርራል። ከዚያ ዋጋው ሮጦ ሮጦ ሊደክመው ሲል አንተ ትገባለህ።

በኅዳር ወር ማኅበራችን በጅምላ ከደኸየ በኋላ ሕግ አወጣን። ሕጉን ከውጭ መጽሐፍ አልቀዳነውም፤ ከዕቁብ ነው የወሰድነው። ዕቁብ የደረሰው ሰው ብሩን ይዞ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል። እኛም እያንዳንዱ ነጋዴ ከራሱ የሚያስጥለው ዋስ ይኑረው አልን። ዋሱ የሰውየውን ሁለቱንም ፓስወርድ ይይዛል። አንደኛው ዋናው ነው፤ መግዛትና መሸጥ ያስችላል። ሁለተኛው ማየት ብቻ ይፈቅዳል፤ በሱ የገባ ሰው ዋጋውንና አካውንቱን ያያል፣ መንካት ግን አይችልም። ሰውየው በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከከሰረ ዋሱ ዋናውን ፓስወርድ ይቀይርና አንድ ሳምንት ይዘጋበታል። በጓሮ በር እንዳይገባም የኢሜይሉን ቁልፍ አብሮ ይወስዳል። ማየት የሚያስችለውን ግን እንተውለታለን። ይህን አንቀጽ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሰው ከስሕተቱ እንዲማር በማለት። ምን ያህል ጨካኝ አንቀጽ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

የፋርማሲስቱ ዋስ እኔ ሆንኩ፤ የኔ ዋስ እሱ ሆነ። ተጨባበጥን፤ በራሳችን ብስለትም ተደነቅን።

ገና ሊደርስ ሲል፣ አንድ አርብ፣ ወዳጄ ወርቅ ዋጋው ይወርዳል ብሎ ሸጠ፤ በኛ ንግድ የሌለህን ወርቅ ዛሬ ሸጠህ ሲረክስ ትገዛዋለህ፣ ልዩነቱ ትርፍህ ነው። ወርቅ ወጣ። እንደገና ሸጠ፤ አሁንም ወጣ። በሦስተኛው መጠኑን እጥፍ አድርጎ ገባ፤ ወርቁ ለሱ ሲል እንኳ ለአፍታ አልቆመም። እኔ ማያ በምንላት፣ ማየት ብቻ በምትፈቅደው ፓስወርዱ ገብቼ ሦስቱንም አይቻለሁ። ሦስተኛው በኪሳራ እንዳለቀ በሕጉ መሠረት አካውንቱን ዘጋሁበት። ከአካውንቱ እኩሌታው ሄዷል። የቀረው ለመቶ ሰው ቀርቶ ለሰባ ሰው፣ ያውም ቆጠብ ተደርጎ፣ የሚበቃ ነበር። ያ እንጥፍጣፊ ከሄደ ሠርጉ የለም፤ ሠርጉ ከሌለ ደግሞ «ባንክ ነው» የተባለችው ልጅ ለምን እንደሌለ ትጠይቃለች።

ወዲያው ደወለ። ድምፁ የተለሳለሰ ነበር።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አሁን ገብቶኛል። ስሕተቴ መሸጤ ነበር። ወርቅ እየወጣ ነው፤ ልግዛ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ሕጉ ሳምንት ይላል» አልኩት።

«ሕጉን ያወጣነው እኛ አይደለን?»

«እንደ ዛሬ ላለችው ቀን ነው ያወጣነው» ብዬ ዘጋሁት። እንዲህ ያለ መልስ ስሰጥ ራሴን እወደዋለሁ።

ቅዳሜና እሑድ ገበያው ዝግ ስለሆነ ዐረፍኩ ብዬ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋቢያቸውን አሳምረው የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ተሰልፈው ቆመዋል። አንደኛው የወዳጄ የነፍስ አባት የሆኑ ቄስ፣ ሁለተኛው ጨርቅ የሚነግዱ አጎቱ፣ ሦስተኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ። ጥቅምት ላይ ለሱ ልጅቷን ሊጠይቁ ወደ ቤተሰቧ የሄዱት እነዚሁ ናቸው፤ እስከ ቤተሰቧ በር ያደረስኳቸውም እኔ ነበርኩ።

ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ አየቻቸውና «እንታይ ጌርካ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ምን አጠፋህ ማለቷ ነው። ሽማግሌ ያለ ነገር አይመጣም።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልን። ገቡ፤ አልተቀመጡም። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይሰማ አይቀመጥም፤ እሺ ሳይባልም እህል አይቀምስም። ሕጉ ይኸው ነው፤ ከኛ የካፌ ሕግ ትንሽ ይበረታል።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወደይ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ልጃችን ካንተ ዘንድ የተያዘበት ነገር አለ ብሎናል። ቁጥር ነው አለን። አስታርቁኝ፣ ይልቀቅልኝ ብሎ ልኮናል።»

«አልተጣላንም ኣቦይ ቀሺ» አልኩ።

«ካልተጣላችሁማ ቀላል ነው፤ ልቀቅለት።»

አጎትየው ጨመሩበት፤ «እኛ ለዚህ ልጅ ሴት ጠይቀን የተሰጠን ሰዎች ነን። ቁጥር ይከለክለናል ብለን አልመጣንም።»

የፋርማሲስቱን ብልጠት ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት፤ በልቤም ኮፍያዬን አነሣሁለት። እኒህ ሰዎች ልጅቷን ሲጠይቁ «በኛ ይሁንባችሁ፤ ልጃችን ቁጥብ ነው» ብለው በስማቸው ቆመዋል። ለምን እንደያዝኩበት ብናገር፣ የሠርጉ ገንዘብ ወርቅ ሲሸጥ እንዳለቀ ይሰማሉ። ከሰሙ ቃላቸውን ሰጥተዋልና ለልጅቷ ቤተሰብ መደበቅ አይችሉም። ስለዚህ እኔ እንደማልናገር ያውቃል። ከሦስት ሽማግሌ ፊት ያለ ምክንያት የከለከልኩ ባለጌ እኔ ልሆን ነው። ይህን ሁሉ ያሰበ ጭንቅላት ስቶፕ ሎስ ማስቀመጥ ለምን እንዳቃተው እግዚአብሔር ይወቀው።

ተናደድኩ። በቤቴ፣ በሚስቴ ፊት፣ በገና ዋዜማ ሰሞን አፌን ለጉሞ ያቆመኝ ወዳጄ ላይ ከልቤ ተናደድኩ። ጡረተኛው መምህር ፊቴን አይተው «የአማርኛ መምህር ሆነህ ቃል ጠፋህ?» አሉኝ። ይህም አልቀረብኝም።

ሽምግልናን በሽምግልና እንደሚመለሱት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ልጃገረድ ስትጠየቅ አባትየው በመጀመሪያው ቀን እሺም እምቢም አይልም፤ ቀጠሮ ይሰጣል።

«አባቶቼ» አልኩ ወደ መሬት አጎንብሼ፤ «እናንተን ማን ይመልሳል? ግን ነገሩ ከባድ ነው። ዘመድ ላማክር። አርብ ተመለሱና መልሳችሁን ውሰዱ።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አጎትየው ሳቃቸውን አፈኑ። «ለቁጥር ዘመድ ይማከራል?» አሉ። ቄሱ ግን ሥርዓት አዋቂ ናቸውና በሥርዓት የመጣ በሥርዓት ሲመለስ ቅር አይላቸውም። «ሕራይ፤ አግባብ ነው። አርብ» ብለው ተቀመጡ። ባለቤቴ የጾም ሽሮና ምስር አቀረበች። ሲበሉ የነበራቸውን ደስታ ስመለከት፣ እምቢታዬ ያስከፋው ከመካከላቸው አንድም እንደሌለ አየሁ። አርብ ማለት ደግሞ በካፌው ሕግ ሳምንቱ የሚሞላበት ቀን ነው። ለሽማግሌ የታዘዝኩ መስዬ ለሕጉ ታመንኩ። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በገዛ ጥበቤ ሰክሬ ዋልኩ።

ሰኞ ገበያው ሲከፈት ወርቅ አርብ ከነበረበት ዘሎ ጀመረ። በሩን ሳያንኳኳ ነው የወጣው። ፋርማሲስቱ ሊገዛ የለመነኝ እሱን ነበር። «አየህ?» ብሎ አንድ ቃል ላከልኝ፤ ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሣም። በማያ ፓስወርዱ ተቀምጦ፣ ሊነካው የማይችለውን ነገር ሲወጣ ይቆጥር እንደነበር አውቃለሁ። አንቀጹን ያስገባሁት እኔ ነኝ ብያችኋለሁ።

እኔ ትክክል እንደነበርኩ ለማረጋገጥ ዋጋውን እከታተል ጀመር። ለጥናት ነው። ሕግ ከትርፍ ይበልጣል፤ ዛሬ ቢያተርፍ ነገ ልማድ ይሆንበታል እያልኩ ለራሴ አስተምራለሁ። በገና ዕለት ዶሮው ፊቴ ቀርቦ ስልኬን ከጠረጴዛው በታች አያለሁ። ባለቤቴ «ኣንታ፣ ዘመድ እያማከርክ ነው?» አለችኝ። ግሩፑ በአረንጓዴ ስክሪንሾት ተጥለቅልቋል። ወርቅ ያልገዛ ሰው የቀረ አይመስልም፤ ከኔና ከዘጋሁበት ወዳጄ በቀር።

የገና ማግሥት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቼን ድርሰት አዘዝኳቸው፤ ርእሱ «ትዕግሥት» ነበር። ምን ያህል እንዳሰብኩበት ፍረዱ። እነሱ ሲጽፉ ስልኬን ከፈትኩ። ወርቁ ማለዳ ላይ ተወርውሮ ወጥቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ትንሽ ወረድ ብሎ ስላገኘሁት «ይኸው ዕድል፤ ትንፋሽ ሊወስድ ነው የወረደው» ብዬ ገዛሁ። ትንፋሽ እየወሰደ አልነበረም። ስቶፕ ሎሴን መትቶ አለፈ።

ይሁን። እንደገና ገዛሁ፤ ለማካካስ መጠኑን ጨምሬ። ይህንንም በላው። የፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠች ተማሪ «መምህር፣ ትዕግሥት ስንት አንቀጽ ይሁን?» ብላ ጠየቀችኝ። «የፈለግሽውን ያህል» አልኳት፤ ዓይኔን ሳላነሣ። ፊቴ ይነድዳል። ገበያው ሊያታልለኝ የፈለገ ሰው ሆኖ ታየኝ፤ የት እንዳለ ባውቅ ኖሮ ወጥቼ እደበድበው ነበር። የሚወርድ ከሆነ እንግዲያው ልሽጠው ብዬ፣ ብዙ ከወረደ በኋላ፣ በእጥፉ እጥፍ ሸጥኩ። ስቶፕ ሎስ አላደረግኩም፤ በተራ ቁጥር መዋረድ ሰልችቶኛል። ወርቁም ይህን ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ሽቅብ ተመለሰ። ቀዩ ቁጥር እያደገ፣ እያደገ ሄደ። እጄ አልዘጋ አለኝ። አሁን ይመለሳል፣ አሁን ይመለሳል እላለሁ።

በዚህ መሐል ንግዱ ዓይኔ እያየ ተዘጋ። እኔ አልነካሁትም። ለመክፈት ስሞክር ፓስወርዱ ልክ አይደለም አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ። ከዚያ መልእክት መጣ፤ ላኪው ከሰኞ ጀምሮ ያኮረፈኝ ዋሴ ነው።

«ያመለጠዎትን ለማካካስ እጥፍ አይውሰዱ።»

ወዳጄ ዓይደር ካለው ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ሽሮፕ እየሰጠ በሌላው እኔን ሲያይ ነበር ማለት ነው። የራሱን መንካት አይችልም፤ የኔን ግን ይችላል። ደወልኩለት። አላነሣም። የተማሪዎቹን ድርሰት ሰበሰብኩ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጽፈው ነበር።

ጉዱ በዚህ አላለቀም። የሸጥኩት ከተዘጋ በኋላ ወርቅ ትንሽ ወጥቶ ቆየና መልሶ ወደ ታች ተንደረደረ። ዋሴ ባይዘጋብኝ ኖሮ የከሰርኩትን ሁሉ መልሼ አተርፍ ነበር። በተተወችልኝ ማያ ፓስወርድ ገብቼ ይህን አየሁ፤ አየሁ ሳይሆን ቆጠርኩ። አርብ ዕለት ያ ልጅ በስልክ ለምን እንደዚያ እንደተለሳለሰ፣ ለምን ሽማግሌ እስከ መላክ እንደደረሰ አንድም ሳይቀር ገባኝ። የተዘጋበት ሰው ሁልጊዜ ሊያተርፍ ሲል የተዘጋበት ነው። ሊዘጋበት የሚገባው ለዚሁ መሆኑን ለሌላ ሰው ሳስረዳ እንዴት አንደበቴ ይቀና እንደነበር ትዝ አለኝና አፈርኩ። ግን ኀፍረቱ ወርቁን አላስረሳኝም።

አርብ ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። ቆሙ። ቄሱ «እንግዲህ ወደይ፣ ዘመዶችህ ምን አሉ?» አሉኝ።

«እሺ ብለዋል። ዛሬውኑ እለቅለታለሁ» አልኩ። መረቁኝ። የመጡበት ጉዳይ ስላለቀ ፊታቸው በራ፤ ተቀመጡና ባለቤቴ ያቀረበችውን ዳቦና ጠላ እየቀመሱ ተጫወቱ። ፓስወርዱን እዚያው እያየኋቸው ላክሁለት።

ሊወጡ ሲነሡ እኔም ተነሣሁ። ባለቤቴ የምለውን ሳታውቅ አልቀረችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ኣቦይ ቀሺ» አልኩ፤ «እግረ መንገዳችሁን… አንድ ሰው ዘንድ ብትሄዱልኝ። እሱም የያዘብኝ ነገር አለ።»

«ምንድን ነው የያዘብህ?»

«ቁጥር ነው።»

ጡረተኛው መምህር ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ማን ነው ሰውየው?» አሉ። ነገርኳቸው። ከዚያ አጎትየው ወንበር ላይ መልሰው ተቀመጡና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቄሱ አልሳቁም። «ለሱ ሄደን ላንተ ባንሄድ አድልዎ ይሆናል» ብለው ወጡ።

ተመልሰው የመጡት ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። መልሱን ከፊታቸው አነበብኩት። «ዘመድ ላማክር፤ ከሠርጌ በኋላ ተመለሱ ብሎናል» አሉኝ። እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጥ እሱም ራሱን ይወድ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። ገንዘቡን በሙሉ ከአካውንቱ አውጥቶ፣ በደላላው አስለውጦ፣ መጀመሪያ አለ ባለበት ቦታ አስገብቶታል፤ ባንክ። አዳራሹን ተከራይቷል፤ ለሰባ ሰው። «ወርቁን ሳትገዛ?» አልኩት፤ ማመን አቅቶኝ።

«ልገዛ ነበር» አለ። «ፓስወርዱ ሲደርሰኝ ወዲያው ገብቼ መጠኑን ሁሉ ጽፌ ነበር። ግን ረቡዕ ያንተን ንግድ አይቻለሁ። ሓወይ፣ በራሴ ላይ ሆኖ ሳለ በሽታ መሆኑን አላወቅኩትም። ባንተ ላይ ሲወጣ ግን ወዲያው ለየሁት።» ከዚያ ቀጥሎ ለቆሙት ሰውዬ ማዘዣቸውን ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። ልገላግለው የሄድኩት ሰው በኔ ዕብደት መዳኑ አስደሰተኝ፤ የሚያናድድ ደስታ ነበር።

ሠርጉ በጥር መጨረሻ፣ በእሑድ ቀን ሆነ። ሰባ ሰው የተባለው እንደ ልማዳችን መቶ ሆኖ መጣ፤ ምግቡም እንደምንም በቃ። ሚዜው እኔ ነበርኩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሙሽራዋ ስለ ምንም ነገር ሳታውቅ ታበራለች። ቀለበቱን ከኪሴ አውጥቼ ሳቀብለው ወዳጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አርብ ወርቅ ስንት ላይ ዘጋ?»

እስከ ሳንቲሙ አውቀው ነበር። «እኔ ምን አውቄ» አልኩት፤ ዓይኔን ቀለበቱ ላይ ተክዬ።

ፊቴን አየት አደረገና ጣቱን ወደ ሙሽራዋ እየዘረጋ፣ «ሌላ አንድ ሳምንት ጨምሬብሃለሁ» አለኝ።